ከሙን፣ ድንብላልና አብሽ፤ በፍሬው ወይስ በዱቄቱ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰማ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ላይ «ቅመም በጅምላ በጋራ ገዝተን ብንከፋፈል ይረክስልናል» የሚል ሐሳብ ከእናቶች ቀርቦ ሁላችንም ደግፈነዋል። ሳይወሰን ያደረው አንድ ነገር ነው። ፍሬውን እንግዛ ወይስ የተፈጨውን? ገሚሱ ሰው «የምን ለቀማ፣ የምን አመሳ! ዱቄቱን ገዝተን እንገላገል» ብሏል። እኛ የኮሚቴው አባላት ባልትና ከሚያውቁ የሰፈራችን እናቶች ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሦስቱ፣ ማለትም ስለ ከሙን፣ ስለ ድንብላልና ስለ አብሽ ነው።

በቅድሚያ ከሙን ስንል ነጭ አዝሙድ ማለታችን አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የከሙን ፍሬ ቀጠን ረዘም ያለ ነው፤ ነጭ አዝሙድ ግን ደቃቅና ድብልብል ያለ ነው። ፍሬ ሲሆን በዓይን ይለያል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ማን ለይቶ ይገዛል?

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የቅመም ሽታ ያለው በፍሬው ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ቅርፊቱ ለዘይቱ እንደ ክዳን ነው። ስንፈጨው ክዳኑን ከፈትነው ማለት ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽታው በየቀኑ ይተናል። ስለዚህ ያልታመሰ የከሙንና የድንብላል ፍሬ ደረቅና ጨለማ ቦታ ተከድኖ ከተቀመጠ ሦስት ዓመት ያህል ቢቆይ ጣዕሙን ይዞ ይገኛል። አብሽ ፍሬው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ ከዚያም ይበልጥ ይቆያል። ዱቄት ሲሆን ግን ከሦስቱ ቶሎ የሚሸነፈው ድንብላል ነው፤ ሦስት አራት ወር ካለፈው ሽታው ወደ ገለባ ይሄዳል። ከሙን ስድስት ወር ያህል ይታገሣል። የአብሽ ዱቄት እርጥበት እስካልነካው ድረስ ወደ ዓመት ይጠጋል። ታምሶ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በሙቀት ወደ ላይ ስለ ወጣ ከሁሉም ያንሳል። የሚጣፍጠው በመጀመሪያው ወር ነው፤ ከሁለት ወር በላይ ባናሳልፈው ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ የጣዕም ነገር ነው። ያረጀ ደረቅ ዱቄት ሽታ ያጣል እንጂ በዚህ ብቻ ሰው አያሳምምም። የሻገተ ወይም ነቀዝ የገባበት ከሆነ ግን ፍሬም ይሁን ዱቄት መጣል አለበት።

እስቲ በአንድ ቤት እናስላው። አንዲት እናት በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ የከሙን ዱቄት ብትጠቀም ሁለት ግራም ያህል ነው። በወር 60 ግራም ይሆናል። እንግዲህ በጅምላ የደረሳት አንድ ኪሎ ዱቄት ከ16 ወር በላይ ሊቆይባት ነው። በስድስት ወር የምትጨርሰው 360 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው 640 ግራም ሽታውን እያጣ ይጠብቃታል። ያን ጊዜ ምን ታደርጋለች? «አልሸት አለኝ» ብላ ሁለት ማንኪያ ትጨምራለች። ታዲያ ረከሰልን ያልነው የት ደረሰ? ያንኑ አንድ ኪሎ በፍሬው ብትወስድ ግን በየወሩ 60 ግራም እያመሰች ትፈጫለች፤ የመጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ይሸታል።

አመሳው ያስቸግራል ለምትሉ፣ የአንድ ወር ቅመም ለሦስቱም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ዋናው ነገር ሦስቱን አንድ ላይ አለማመስ ነው። ከሙን ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፤ ድንብላል ውስጡ ክፍት፣ አብሽ ደግሞ ድፍን ነው። አንድ ላይ ከተደረጉ አንዱ ሲደርስ ሌላው ያርራል ወይም ጥሬ ይቀራል።

በመጀመሪያ ለቅሞ፣ አበጥሮ፣ ጠጠሩንና እንጨቱን ማውጣት ነው። ከዚያ ደረቅ ብረት ምጣድ በመጠነኛ እሳት ማሞቅ፤ ዘይት አይገባም። ፍሬው የምጣዱን ወለል በስሱ ይሸፍን፣ አይከመር። ከሙኑ ሳይቋረጥ እየታመሰ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ መልኩ ትንሽ ጠቆር ይልና ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ወደ ሰፌድ መገልበጥ ነው። ምጣዱ ላይ ከተተወ እሳቱ ቢጠፋም ማረሩን አያቆምም። ድንብላል ትንሽ ይበልጣል፤ ወርቃማ ሆኖ አንዳንዱ ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ደርሷል።

አብሽ ግን ጠንቀቅ ይፈልጋል። እሳቱ ቀዝቀዝ ይበል። ቢጫው ወደ ወርቃማ ቡኒ ሲጠጋ ይበቃዋል፤ ወደ ቀይነት ካለፈ ይመራል፤ ያ መራራነት ደግሞ በወጥ ውስጥ በምንም አይሸፈንም። አብሽን ማመስ ሌላም ጥቅም አለው። ጥሬው በሙቀጫ አልደቅ ብሎ ይዘላል፤ የታመሰው ግን ይሰባበራል።

ከዚያ መታገሥ ያስፈልጋል። ፍጹም ሳይቀዘቅዝ አይፈጭም። በሙቀቱ ከተፈጨና ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። በተለይ አብሽ ውኃ ስለሚስብ ቶሎ ይያያዛል።

የወር ቅመም በሙቀጫ ይወቀጣል። ወፍጮ ቤት ለዚህ አይመችም፤ ትንሽ ሲሆን ገሚሱ ድንጋዩ ላይ ይቀራል፤ ከፊታችን በርበሬ ያስፈጨ ሰው ካለ ደግሞ የእሱን ይዘን እንመለሳለን። ለድግስ ብዙ የምታስፈጩ ግን ዱቄቱ ከወፍጮው ሞቆ ስለሚወጣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። የቡና መፍጫ ያላችሁም ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ከሙን የገባበት መፍጫ በማግሥቱ ቡናውን ከሙን ከሙን ያሰኘዋል፣ ለባለቤቱ ተናግረናል!

ማስቀመጫው ደረቅ ጠርሙስ ወይም ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ይሁን። ብዙዎቻችን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ እንደረድረዋለን፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ የሚደርሰው ግን እዚያው ነው። በፌስታል የተቋጠረም ሽታው አይቆይም። ጠርሙሱ ላይ የተፈጨበት ቀን ይጻፍ።

ቤታችሁ ያለው ዱቄት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ቁንጥር አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ አሹትና አሽትቱ። ወዲያው አፍንጫ ካልገባ አልፎበታል። ፍሬም ሲገዛ እንዲሁ ነው፤ ከሙንና ድንብላል በጣት ተጨፍልቀው መሽተት አለባቸው። ድንብላል ቀዳዳ ካለው ነቀዝ በልቶታልና አትቀበሉ።

ዱቄት ፈጽሞ አይገዛ አንልም። አቅም የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉን። ለእነሱ የአብሽ ዱቄት በጥቂቱ ቢገዛ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ድንብላልን ግን በዱቄት እንዲገዙ አንመክርም፤ እሱን ለማድቀቅም ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ጎረቤት ሲወቅጥ የእነሱንም ቢጨምር ሸክም አይሆንም።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ የጋራ ግዢው ያልታመሰ ፍሬ ይሁን፣ ዱቄቱ ይቅር የሚል ነው። ለአንድ ቤት ግማሽ ኪሎ ከሙን፣ ግማሽ ኪሎ ድንብላልና ሩብ ኪሎ አብሽ አስበናል፤ ቤተሰቡ ብዙ የሆነ ይጨምራል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ። የምትስማሙ እስከ ቅዳሜ ድረስ በጽሕፈት ቤታችን ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ለክፍፍሉ ቀን ደረቅና ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ኑ።