ለዘገየው ዩሪያ የተሰጠ መልስ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያቀረበው ንግግር)



ስለ ዩኒየኑ ሥራ ከእኔ የበለጠ የሚናገሩ ስላሉ እኔ የማቀርበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ አባላችን ቅሬታ የሰጠነውን መልስ። ጥፋቱ የራሴ ስለነበረ ለመናገርም መብቱ አለኝ ብዬ አስባለሁ።

አባላችን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡ፣ አምባ ከሚባሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ አባት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። በአንድ ሄክታር ማሳቸው ላይ ግንቦት 28 ቀን በቆሎ ዘርተው ነበር። ለሁለት ጆንያ፣ ማለትም ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፍለዋል፤ ሐምሌ 1 ቀን ይረከባሉ ተብለዋል። ሦስት ጊዜ አህያ ጭነው መጡ፤ ሦስት ጊዜ አህያዋን ባዶ ይዘው ተመለሱ። ከመጋዘን የሚሰጣቸው መልስ ሁልጊዜ «መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይመለሱ» የሚል ነበር።

ሐምሌ 10 ቀን ግን ወደ እኔ መጡና ከኪሳቸው ሁለት ደረሰኝ አወጡ። አንዱ የማዳበሪያው፣ ሁለተኛው ለህዳሴው ግድብ የገዙት ቦንድ ነው። «ልጄ፣ ሁለቱንም አንድ ቦታ ነው የማስቀምጣቸው። ግድቡ አለቀ ተብሎ ሰኔ 26 በሬዲዮ ሰማሁ። የጉባው ካለቀ የእናንተ ሁለት ጆንያ ምን ሆነ?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

መዝገቡን ገለጥኩ። የማዳበሪያ ፍላጎት ስሞላ የአንድ ገጽ አሥራ አራት ገበሬዎችን የዩሪያ ጥያቄ በኤን ፒ ኤስ ረድፍ ላይ ጽፌዋለሁ። መኪናውም በተጻፈው መሠረት ኤን ፒ ኤስ ጭኖ መጣ። «መንገድ ላይ ነው» የተባለው ዩሪያ በመንገድ ላይ አልነበረም፤ ጭራሽ አልታዘዘም። ማዳበሪያችን በጅቡቲ በኩል ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ከዚያም እስከ አሶሳ ድረስ ስንት መጋዘን ስለሚያልፍ መንገዱን መውቀስ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በዚያን ዕለት ግን እውነት አልነበረም።

ከባልደረቦቼ አንዱ የመጣውን ኤን ፒ ኤስ በለውጥ እንስጣቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ በአንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ግን 19 ኪሎ ብቻ ነው። የአንዱን ኩንታል ዩሪያ ናይትሮጅን ለማግኘት ወደ ሁለት ኩንታል ተኩል ኤን ፒ ኤስ መግዛት ያስፈልጋል። በኤን ፒ ኤስ ውስጥ የሚገኘው ፎስፈረስ ደግሞ ከተቀመጠበት ብዙ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ በዘር ወቅት ከሥሩ አጠገብ ካልተቀበረ፣ ጉልበት ለደረሰ በቆሎ ከላይ ቢነሰነስ ገንዘብ መበተን ነው። ገበሬው ተቸግሯልና ያገኘውን ይውሰድ ማለት ሁለተኛ ጥፋት ይሆን ነበር።

በዚያው ቀን ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ተነጋግረን መልሱን በጽሑፍ ሰጠናቸው፤ ልጃቸው አነበበላቸው። እንዲህ የሚል ነበር፦

«ይድረስ ለአባታችን። ሦስት ጊዜ በከንቱ አመላልሰንዎታል። ለኩትኳቶ የሚፈልጉትን ቀን በእኛ ደጅ አሳልፈዋል፤ በቆሎዎም እየጠበቀ ነው። መንገድ ላይ ነው የተባሉት ትክክል አልነበረም። ጥያቄዎ በመዝገብ ላይ በተሳሳተ ረድፍ ስለተጻፈ ዩሪያው አልታዘዘም፤ ስህተቱ የእኛ ነው። አሁን የምናደርገው ይህ ነው። ነገ ሐምሌ 11 አንድ ጆንያ፣ 50 ኪሎ፣ ከጎረቤት ማኅበር ተበድረን ቤትዎ ድረስ እናመጣለን። ሁለተኛውን እስከ ሐምሌ 16 እናደርሳለን። የአህያ ኪራይ አይከፍሉም። ሐምሌ 16 ካልደረሰ የዚያን ጆንያ ገንዘብ በማግሥቱ ሙሉውን እንመልሳለን። በቆሎዎ ወንዴ አበባውን ካወጣ በኋላ የሚመጣ ዩሪያ ስለማይጠቅምዎ፣ ቢመጣም እንዲወስዱ አናስገድድዎትም።»

ሐምሌ 16 የሚለው ቀን ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። ግንቦት 28 የተዘራ በቆሎ ሐምሌ 8 ላይ አርባ ቀን ይሞላዋል፤ ጉልበት የሚደርሰውና ዩሪያ የሚሰጠው በዚያ አካባቢ ነው። በቆሎ ናይትሮጅን አብዝቶ የሚስበው ከዚያ ጀምሮ ወንዴ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ነው። የእሳቸው ዝርያ በአሶሳ አየር ወደ ሰባ ቀን ገደማ፣ ማለትም በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ያብባል ብለን ገመትን። ስለዚህ በአርባ ስምንተኛው ቀን የሚደርስ ዩሪያ ዘግይቷል፤ ግን አልሞተም። ቀኑን ከመኪናው ሳይሆን ከበቆሎው ተነስተን ነው የቆረጥነው።

የተበደርነው ስምንት ጆንያ ብቻ ነበር፤ የተጎዱት ግን አሥራ አራት ናቸው። ማን ይቅደም የሚለው አከራከረን። ቀድሞ የጮኸ ይውሰድ ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ዘር የተዘራበትን ቀን አየን፤ አርባ ቀን ያለፋቸው ስምንት ማሳዎች አንድ አንድ ጆንያ አገኙ፤ ዘግይተው የዘሩት ስድስቱ እስከ ሐምሌ 16 መቆየት ይችሉ ነበር። ለስድስቱም ይህንኑ በየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አንደኛው ተቆጥተውኝ ቡና እንኳ አላቀረቡልኝም፤ አልፈርድባቸውም።

ሐምሌ 11 ጧት ጆንያውን ይዤ አባታችን ማሳ ላይ ደረስኩ። 50 ኪሎውን በሄክታሩ ሁሉ ማሳሳት ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ሙሉውን መጠን በግማሹ ማሳ ላይ እናድርግ አልኳቸው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ በቆሎው ራሱ ተናገረ፤ በቆላው በኩል ያሉት ተክሎች የታችኛው ቅጠላቸው ከጫፉ ተነስቶ በመሐል ጅማቱ ላይ እየሾለ ወደ ውስጥ ቢጫ ሆኗል። ናይትሮጅን ሲጎድል የሚታየው ይህ ነው፤ አዲሶቹ የላይ ቅጠሎች ገና አረንጓዴ ሆነው አሮጌዎቹ ይጀምራሉ።

መለኪያችን የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነበር። በ75 ሳንቲ ሜትር መስመርና በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተዘራ በቆሎ በሄክታር ወደ 44,400 ተክል ይኖረዋል። አንድ ኩንታል ለዚህ ሲካፈል ለአንድ ተክል ከሁለት ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ልክ የሞላ አንድ ቆርኪ ለሁለት ተክል ይበቃል ማለት ነው። ከአገዳው አንድ ጣት ርዝመት ያህል ራቅ አድርገን ጨመርንና በኩትኳቶው አፈር አለበስነው። ዩሪያ ገላጣ ሆኖ ከተተወ ወደ ጋዝ ተለውጦ አየር ላይ ይጠፋል፤ በቅጠሉ ጉሮሮ ውስጥ ከወደቀም ያቃጥለዋል። ጠዋት ጤዛው እስኪረግፍ የጠበቅነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጆንያ ሐምሌ 16 ማታ፣ ሊመሽ ሲል ደረሰ። አባታችን ጆንያውን ከተረከቡ በኋላ ደረሰኙን አወጡና «አሁን ይህ ከቦንዱ ተለይቶ ይቀመጥ» አሉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስሄድ የቆላው ግማሽ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሁለተኛው ግማሽ ገና ይከተል ነበር። ቢጫ ሆነው የነበሩት የታች ቅጠሎች ግን አልተመለሱም፤ እነሱን የሚመልስ ዩሪያ የለም።

ከዚያ ወዲህ በመዝገቤ ላይ ዩሪያን በቀይ፣ ኤን ፒ ኤስን በሰማያዊ እጽፋለሁ፤ ገጹም ከመላኩ በፊት በገበሬዎቹ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዘንድሮ ባነበብንበት ቀን ከፊት የተቀመጡት እኚሁ አባት ነበሩ፤ የእሳቸው ስም ላይ ስደርስ «ቀለሙን አሳየኝ» አሉኝ።