ተማሪ በክፍል ውስጥ በነሰረው ጊዜ



በበጋ ወራት አየሩ ደርቆ አቧራው በሚበዛበት ጊዜ ነስር በየክፍሉ የሚታይ ነገር ነው። ልጅ በነሰረው ቁጥር ጓደኞቹ ተሯሩጠው ራሱን ወደ ኋላ ያቃኑታል፤ አናቱም ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሱበታል። ዛሬ የምናገረው ይህ ልማድ ስለ ምን መተው እንዳለበትና በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

የልጆች ነስር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ፣ ከፊተኛው ዝቅተኛ ክፍል ነው። በዚያ ስፍራ ቀጫጭን የደም ሥሮች በስስ ሽፋን ሥር ተሰባስበው ይገኛሉ፤ ድርቀት፣ ጉንፋን ወይም የልጁ የገዛ ጣት በቀላሉ ያደማቸዋል። ስፍራው ለውጭ ቅርብ ስለ ሆነ በሁለት ጣት ተጭኖ ደሙን ማቆም ይቻላል። ራስ ወደ ኋላ ሲቃና ግን ደሙ መንገዱን ለውጦ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል እንጂ አይቆምም።

አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ልክ በ4 ሰዓት ነሰረው እንበል። ራሱን ቢያቃኑት ደሙ ከውጭ ስለማይታይ የቆመ ይመስላል፤ ልጁ ግን ደጋግሞ ይውጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ጠቆር ያለ ደም ያስታውካል። መዋጡ ምልክት ነው።

ስለዚህ ልጁ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ራሱን ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብል። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል አጥብቆ ይያዝ፤ ብዙ ሰው የሚይዘው አጥንቱን ነው፤ ይህም አንዳች አይጠቅምም። በአፉ ይተንፍስ፤ አፉ የገባውንም ደም ይትፋ። ሕፃን ከሆነ መምህሩ ጓንት አድርጎ ይያዝለት። እስከ 4 ሰዓት ከ10 ድረስ ጣት አይነሣም፤ «ቆመ እንዴ?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ መርጋት የጀመረውን ደም ያፈርሰዋልና። ጥጥ ወይም ወረቀት መወተፍም አይገባም፤ ሲነቀል ቁስሉን እንደገና ያደማዋል።

በ4 ሰዓት ከ10 ካልቆመ ሌላ 10 ደቂቃ ይያዝ። በ4 ሰዓት ከ20ም የሚፈስ ከሆነ አፍንጫውን እንደ ያዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ነስሩ ልጁ ወድቆ ወይም ራሱን ተመትቶ የመጣ ከሆነ፣ ደሙ በብዛት የሚወርድ ከሆነ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ካዞረው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያው ይሂድ። በትክክል አዘንብሎ እየያዘ ደሙ ወደ ጉሮሮው የሚወርድበትም ልጅ እንዲሁ ነው፤ ምንጩ ጣት ከማይደርስበት ከጥልቁ ሊሆን ይችላል።

ነስሩ ቢቆምም ምርመራ የሚያሻቸው አሉ። ቶሎ ቶሎ የሚነስረው፣ ድዱ የሚደማ ወይም ሳይመታ ገላው የሚበልዝ ልጅ ለወላጆቹ ይነገርለት። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከደም ጋር ከወጣ፣ ምናልባት ሽምብራ ወይም ባቄላ አስገብቶ ይሆናል፤ ይህን የሚያወጣው የጤና ባለሙያ ነው፤ መምህሩ በወረንጦ አይሞክር።

ደሙ የቆመለት ተማሪ በዚያ ቀን ከስፖርት ይቅር፤ አይናፈጥ፤ አፍንጫውንም አይነካካ። ነስሩ የጀመረበትና የቆመበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ለወላጁ ይላክ።