የአየር ጠባይ ካርታ እንዴት ይነበባል?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችን ዕፀዋት ለመሰብሰብ ወደ መናገሻ ጫካ ለመሄድ ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት የአየር ጠባይ ካርታ ተመለከትን። በአካባቢው ላይ የተቀባው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ስለ ነበረ «ነገ ካፊያ ብቻ ነው» ብለን ጃንጥላ እንኳ ሳንይዝ ወጣን። ከቀትር በኋላ የወረደው ዝናም የሰበሰብነውን ቅጠል ሁሉ ከነወረቀቱ አበሰበሰው። ወደ ቤት ተመልሰን ካርታውን ደግመን ብናየው፣ አረንጓዴው የሚናገረው ባለፉት 24 ሰዓቶች ስለ ዘነበው እንጂ ነገ ስለሚዘንበው አልነበረም። ካርታው አልዋሸንም፤ እኛ ግርጌውን አላነበብንም።

እንግዲህ ከቀለሙ እንጀምር። ቀለም በራሱ ትርጉም የለውም። አንዱ አረንጓዴ የዘነበ ዝናም፣ ሌላው ይዘንባል ተብሎ የታሰበ፣ ሦስተኛው የመዝነቡን ዕድል በመቶኛ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ቀይም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱን ራሱን ሊያመለክት ይችላል፤ ወይም ሙቀቱ ከወትሮው ምን ያህል እንደ በለጠ ብቻ ሊያመለክት ይችላል። በሁለተኛው ዓይነት ካርታ ላይ ደጋ አገር ቀይ ሆኖ ቆላው ነጭ ቢሆን ደጋው ከቆላው ይሞቃል ማለት አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚታየው በግርጌ ያለው የቀለም መሰላል ነው። የመሰላሉም እርከኖች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፤ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50 ሚሊሜትር እያሉ ይሄዳሉ። ቀለሙ አንድ ደረጃ ሲጠቁር ዝናሙ በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሰዓቱ ይታያል። ካርታዎቹ የሚጻፉት በግሪንዊች ሰዓት ነውና 12 ሰዓት የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ነው።

አሁን ወደ መስመሮቹ እንለፍ። እነዚህ እኩል የአየር ግፊት ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ በየ4 ሚሊባር ይሣላሉ፤ 1000፣ 1004፣ 1008 እያሉ። ነፋስ ከከፍተኛው ግፊት ወደ ዝቅተኛው በቀጥታ ይሮጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የመሬት መዞር በሰሜኑ የዓለም ክፍል ነፋሱን ወደ ቀኝ ስለሚያጣምመው፣ ነፋሱ መስመሮቹን ተከትሎ ይነፍሳል። ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት በ1857 (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንዳስረዳው፣ በሰሜኑ ክፍል ጀርባህን ለነፋስ ብትሰጥ ዝቅተኛው ግፊት በግራህ ነው። በምድር ላይ ግን መተሻሸት ስላለ ነፋሱ ወደ ዝቅተኛው ግፊት ጥቂት ያዘነብላል፤ በየብስ ላይ ይበልጥ፣ በባሕር ላይ ያነሰ።

የመስመሮቹ መቀራረብ ኃይሉን ይነግረናል። በእንግሊዝ ኬክሮስ፣ በ50 ዲግሪ አካባቢ፣ የ4 ሚሊባር መስመሮች 300 ኪሎሜትር ቢራራቁ ከመተሻሸት በላይ ያለው ነፋስ በሰዓት 34 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል፤ 150 ቢራራቁ ወደ 69 ይወጣል። ይኸውም ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ነፋሱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ግንባር የሚባለው ነው። ቃሉ ከጦር ሜዳ የተወሰደ ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኖርዌይ በርገን ከተማ የነበሩ ሊቃውንት፣ ቀዝቃዛና ሙቅ አየር የሚገናኙበትን ጠባብ ቦታ ሁለት ጦር ከሚፋጠጡበት መስመር ጋር አመሳሰሉት። የቀዝቃዛ ግንባር ምልክት ባለሦስት ማዕዘን ጥርሶች ያሉት ሰማያዊ መስመር ነው፤ የሙቅ ግንባር ደግሞ ግማሽ ክቦች ያሉት ቀይ መስመር። (ጋዜጣችን በአንድ ቀለም ስለሚባዛ ጥርሱን አይቶ መለየት ግድ ነው።) ጥርሶቹ ግንባሩ ወደሚሄድበት ያመለክታሉ። የግፊት መስመሮች ግንባሩን ሲያቋርጡ ይሰበራሉ። መስመሮቹ ምንም ሳይሰበሩ የሚያልፉበት ግንባር ካያችሁ፣ ወይ ደካማ ነው ወይ ሠዓሊው በግምት ያሰመረው ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ለማየት እስከ ዛሬ ከሚነገረው አንድ ካርታ የተሻለ አናገኝም። በ1936 ዓ.ም. የቃል ኪዳን መንግሥታት ጦር ከእንግሊዝ ተነሥቶ በኖርማንዲ ጠረፍ እንዲወርድ የተቀጠረው ለግንቦት 28 ቀን (ጁን 5፣ 1944) ነበር። ጨረቃና የባሕሩ ሙላት ባንድነት የሚመቹባቸው ቀኖች ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን በአትላንቲክ ላይ ዝቅተኛ ግፊቶች ተከታትለው ይመጡ ነበር። በምዕራብ አየርላንድ ጫፍ፣ ብላክሶድ በሚባለው ጣቢያ፣ አንዲት ወጣት የፖስታ ቤት ሠራተኛ በየሰዓቱ ባሮሜትር ታነብ ነበር። አየርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ብትሆንም የአየር ጠባይ ወሬዋን ለእንግሊዝ ትሰጥ ነበር። ግፊቱ በፍጥነት እየወደቀ መሆኑን የሚገልጸው ወሬ ሲደርስ፣ የአየር ጠባይ አማካሪው ጄምስ ስታግ ለጄኔራል አይዘንሃወር መጥፎ ቀን እንደሚመጣ አስታወቀ፤ ወረራውም በአንድ ቀን ተላለፈ።

ከዚያ ግንቦት 27 ቀን ላይ ከዚያው ጣቢያ ዝናሙ መቆሙና ሰማዩ መጥራት መጀመሩ ተሰማ። ይህ ቀዝቃዛው ግንባር ማለፉን ያሳያል። ግንባር ሲያልፍ የወደቀው ግፊት ይቆምና መውጣት ይጀምራል፣ ነፋሱም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞራል። ከብላክሶድ እስከ ደቡብ እንግሊዝ 700 ኪሎሜትር ያህል ነው። ግንባር በሰዓት 50 ኪሎሜትር ቢጓዝ 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ አየርላንድ ላይ የጠራው አየር በማግስቱ እንግሊዝ ይደርሳል ብሎ ማሰብ ይቻል ነበር። ከግንባሩም በስተኋላ መስመሮቹ ጥቂት ይራራቃሉ ተብሎ ተገመተ። ጦሩ ግንቦት 29 ቀን ወረደ። ባሕሩ ጸጥ ያለ አልነበረም፤ ብዙ ወታደር በማዕበል ታመመ፤ ቢሆንም ማረፍ ተቻለ። ወረራው ወደ ሚቀጥለው አመቺ ጊዜ ተላልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከሰኔ 12 ጀምሮ ለቀኖች የነፈሰው ብርቱ ማዕበል ላይ ይወድቅ ነበር።

ልብ በሉ፤ ለውጡን የነገራቸው አንድ ካርታ ብቻ አይደለም። ግንባር ትናንት የት እንደ ነበረ ካላወቅን ነገ የት እንደሚሆን አናውቅም። ሁለት ካርታዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሰዓቱ ማካፈል የዚህ ንባብ ዋና ሥራ ነው።

ይህ ዘዴ ወደ አገራችን ሲመጣ ግን ይደክማል፤ ይህን ሳንነግራችሁ ብንቀር ሐሰት ይሆንብናል። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ባሮሜትር የሚያነበው 770 ሚሊባር ያህል ነው። ካርታው ላይ የሚጻፈው ግን በባሕር ጠለል ልክ የተተመነ ከ1010 በላይ የሆነ ቁጥር ነው። ለዚህም ከእግራችን በታች 2300 ሜትር የሚሆን አየር አለ ብለን፣ ሙቀቱንም ገምተን እናሰላለን። የዚህን የሌለ አየር ሙቀት በ5 ዲግሪ ብንስት ውጤቱ ወደ 5 ሚሊባር ያህል ይሳሳታል፤ ይህም ከአንድ መስመር በላይ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብ የመሬት መዞር ነፋሱን የሚያጣምምበት ኃይል ይቀንሳል፤ የግፊቱም ልዩነት አነስተኛ ነው። ስለዚህ በደጋችን ላይ የተጠማዘዘ የግፊት መስመር ብታዩ ነፋስ ሳይሆን የስሌት ጥፋት ሊሆን ይችላል። ሰማያዊና ቀይ ግንባርም በክረምታችን ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙም።

የክረምት ከሰዓት ዝናማችን በተራራው ላይ ከሚነሡ ትናንሽ ደመናዎች ይመጣል። አንዱ ደመና ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ይይዛል፤ ካርታው ግን አገሩን ሁሉ በአንድ ቀለም ይቀባል። መናገሻ የሄድን ዕለት ግርጌውን አንብበን ቢሆን እንኳ ጫካው በየትኛው ሰዓት እንደሚዘንብበት አናውቅም ነበር። የሚረዳን ከቀትር በፊትና በኋላ የተነሡ ሁለት የሳተላይት ሥዕሎች ነበሩ፤ ጃንጥላም።