መብራት ሲጠፋ ከሙቀት ይልቅ በረዶን እንፍራ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመድኃኒት ቤት መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የምንፈራው ሙቀትን ነው። እኛ ግን በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለሥራ ልምምድ በሄድንበት አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያበላሸነው በበረዶ ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረም። ክትባትና ኢንሱሊን የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ገና 5 ዲግሪ ያሳይ ስለ ነበር፥ በሩን ሳንከፍት ቴርሞሜትሩን እየተከታተልን መቆየት በተገባን ነበር። እኛ ግን ተጣደፍን። ጠጣር በረዶ የሆነውን አይስ ፓክ ከፍሪዘሩ እንዳወጣነው በሣጥን ደርድረን፥ የፔንታቫለንት ክትባትና የኢንሱሊን ብልቃጦችን በመካከሉ አስቀምጠን አደርን። ሲነጋ በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አሳየን።

በክትባቱ ብልቃጦች ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን አልለወጠም ነበርና ለጊዜው ተጽናናን። ነገር ግን ያ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ ስለ በረዶ አንዳች አይናገርም። በፔንታቫለንት ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው በረዶ ሲነካው ይጓጉላል፥ ክትባቱም ኃይሉን ያጣል። በረዶ ሆነው የተገኙትን ብልቃጦች ወዲያው ለይተን፥ ያጠራጠሩንን በመነቅነቅ መረመርን። ይኸውም እንዲህ ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ከዚያው ፋብሪካና ከዚያው የምርት ቁጥር አንዱን ብልቃጥ ሆን ብለን በረዶ አድርገን አሳደርነውና አቀለጥነው። ከዚያም እርሱንና የተጠረጠረውን አንድነት ነቅንቀን ጎን ለጎን አቆምናቸው። የተጠረጠረው ዝቃጭ በዝግታ ቢወርድ ኖሮ ክትባቱ ደኅና ነው እንል ነበር፤ ነገር ግን እኩል ፈጥኖ ወረደ። ስለዚህ ሁሉንም አስወገድን።

ለኢንሱሊን ግን እንዲህ ያለ ምርመራ የለውም። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቀልጦ ደኅና ቢመስልም ሊታመን አይገባም። ስለዚህ 12ቱን ብልቃጥ ስናስወግድ፥ በዚያው ጧት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ባዶ እጃቸውን ወደ ከተማው ሆስፒታል ተላኩ። የሚያሳዝነው ደግሞ፥ ኢንሱሊን ለጥቂት ሰዓት ከማቀዝቀዣ ውጭ ቢቆይ አይበላሽም ነበር፤ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው እንኳ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሳምንት ያገለግላል።

እንግዲህ የተማርነው ይህ ነው። ቴርሞሜትሩ ወደ 8 ዲግሪ ሲጠጋ መድኃኒቱን ወደ ሣጥን ማዛወር ይገባል፤ ነገር ግን አስቀድሞ አይስ ፓኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። በእጅ አንሥተን ስንነቀንቀው በውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ከተሰማን፥ ያን ጊዜ በረዶው ዜሮ ዲግሪ ደርሷልና ብልቃጦቹን አያቀዘቅዝም ሳይሆን አያጠጥርም ማለት ነው። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ በሩ የተዘጋ ማቀዝቀዣ ይታገሠናል።