አቮካዶን በጣት ሳይጫኑ ማወቅ፣ ሳይበላሽም ማቆየት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አቮካዶ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ስለ አቮካዶ ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል። ጁስ ቤት ያላችሁና ጉሊት የምትሸጡ አባላት ደብተራችሁን ስታመጡልኝ የተገዛው ይጻፋል፣ የተሸጠው ይጻፋል፤ የተጣለው ግን አይጻፍም። እስቲ አብረን እናስላው። ኪሎው 80 ብር ቢሆንና 30 ኪሎ ብትገዙ 2,400 ብር ታወጣላችሁ። ከዚያ ውስጥ 6 ኪሎው ጠቁሮና ላሽቆ ቢጣል ለሽያጭ የሚቀረው 24 ኪሎ ነው። 2,400ን ለ24 ስታካፍሉት 100 ብር ይመጣል። በ80 ገዛሁ ብላችሁ ዋጋ ታወጣላችሁ እንጂ የገዛችሁት በ100 ነው። ትርፉ የት ገባ ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

የተጣለው አቮካዶ በአብዛኛው የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ በጣት ተጨቁኖ ነው፣ ወይ ሁሉም ባንድ ቀን በስሎ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ብቻ ልቆይ።

በመጀመሪያ ስለ ጣት። አቮካዶ መለስለስ ሲጀምር አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ውስጡ ይቀጠቀጣል። ልጣጩ ላይ ወዲያው ምንም አይታይም። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ሲቆረጥ ግን ሥጋው ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ጉሊት ላይ አንዱን ፍሬ በቀን አሥር ሰው ቢጫነው፣ አሥራ አንደኛዋ ደንበኛ ገዝታ ቤቷ ስትከፍተው የምታገኘው የአሥሩን ሰው ጣት ነው። የምትወቅሰው ግን ሻጯን ነው። «አትንኩ» ማለት ደግሞ ደንበኛ ያስቀይማል። ስለዚህ ሳይነኩ የሚያውቁበትን መንገድ ሻጯ ራሷ ቀድማ ማወቅ አለባት።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንለይ፤ መድረስና መብሰል። አቮካዶ ዛፍ ላይ ይደርሳል እንጂ ዛፍ ላይ እንዳለ አይበስልም። መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሳይደርስ የተቆረጠ አቮካዶ ደግሞ ሳምንት ብታስቀምጡት ይጨማደዳል፣ እንደ ላስቲክ ይሆናል እንጂ ቅቤ አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ኪሎ ከመግዛታችሁ በፊት የአንዱን ፍሬ ዋጋ ከፍላችሁ አስቆርጡትና ዘሩን እዩ። ዘሩን የሸፈነው ስስ ቆዳ ቡናማና እንደ ወረቀት የደረቀ ከሆነ ፍሬው ደርሷል። ነጣ ያለና ወፈር ያለ ከሆነ አልደረሰም፤ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ደርሶ የተቆረጠው መብሰሉን እንዴት እናውቃለን? ብዙ ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀለም የሚረዳው ግን ለአንድ ዓይነት ነው። ሀስ የሚባለው፣ ልጣጩ ሸካራ የሆነው አቮካዶ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ናባል ግን በስለውም አረንጓዴ ናቸው። ገበያችን ውስጥ ከጓሮ ዛፍ የሚመጣም ብዙ ስለሆነ፣ ጥቁር እስኪሆን እጠብቃለሁ ያለች ሰው አረንጓዴውን እስኪበሰብስ ልትጠብቀው ትችላለች። አንዳንዶች ደግሞ ነቅንቀው የዘሩን ድምፅ ይሰማሉ። እሱም አያስተማምንም፤ በአንዳንዱ ዓይነት ዘሩ ሳይበስልም ይንቀሳቀሳል፣ በአንዳንዱ በስሎም አይንቀሳቀስም።

ለሁሉም ዓይነት የሚሠራው ጭራው ነው። ጭራ የምለው ፍሬው ከዛፉ የተንጠለጠለባትን፣ አናቱ ላይ የምትቀረዋን አጭር እንጨት ነው። በጥፍራችሁ ጫፍ ወደ ጎን በቀስታ ግፏት። ካልተነቃነቀች ፍሬው ገና ነው፤ በግድ አትንቀሏት። በቀላሉ ከወለቀችና ሥሯ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ከሆነ ለመብላት ደርሷል። ሥሯ ቡናማ ከሆነ ሳያልፍበት አልቀረም። ሆኖም ሁለት ነገር አስተውሉ። ጭራዋ ገበያ ሳይደርስ የወደቀች ከሆነ ቦታው አየር አግኝቶ ስለሚጠቁር፣ ፍሬው ደህና ሆኖም ቡናማ ሊታይ ይችላል። ሌላው፣ ጭራዋ የተነቀለችበት ቦታ ለሻጋታ በር ይሆናል፤ ብስባሴውም ከአናቱ ይጀምራል። ስለዚህ ጭራ ማውለቅ ዛሬ ለምትቆርጡት ፍሬ ብቻ ነው። የሰው መደብ ላይ ሄዶ የሁሉንም ጭራ እየነቀሉ ማየት ከመጫን አይሻልም።

ከሁሉም በላይ የሚያስተማምነው ግን ቀን ነው። ስትገዙ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ ጋር «መቼ ተቆረጠ?» በሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ መካከለኛ አየር ደርሶ የተቆረጠ አቮካዶ ለመብሰል አንድ ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። በሞቃት አገር ይፈጥናል። ቀኑን በካርቶን ቁራጭ ጽፋችሁ ክምሩ ላይ አድርጉት። ጉሊት ላይ ደግሞ በሦስት ክምር ለዩት፤ «ለዛሬ»፣ «ለከነገ ወዲያ»፣ «ለሳምንት»። ደንበኛዋ መቼ እንደምትበላው ጠይቃችሁ ከተገቢው ክምር አንስታችሁ ስትሰጧት የምትጫንበት ምክንያት አይኖራትም።

አሁን ወደ ማቆየቱ ልለፍ። አቮካዶን የሚያበስሉት ሙቀትና ኤቲሊን የሚባል፣ ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ጋዝ ናቸው። የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያም ይህን ጋዝ ያወጣሉ። የተቀጠቀጠ ወይም የበሰበሰ አቮካዶም ያወጣል፤ ከሥር የተደበቀ አንድ ብስባሽ ክምሩን ሁሉ የሚያስቸኩለው በዚህ ነው። እንዲዘገይ የምትፈልጉትን ከእነዚህ አርቁ፣ ከጆንያ አውጡ፣ በአንድ ረድፍ ዘርግታችሁ ነፋሻና ጥላ ቦታ አስቀምጡ፣ በየቀኑም የተበላሸውን ልቀሙ። የታፈነ ጆንያ ሙቀቱንም ጋዙንም ይይዛል።

ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የበሰለውን ፍሪጅ ውስጥ ብታስገቡት ሦስት አራት ቀን ይቆይላችኋል። ድንጋይ የሆነውን ጥሬ ግን ለብዙ ቀን በኃይለኛ ቅዝቃዜ ካቆያችሁት ብርዱ ይጎዳዋል። ልጣጩ ይጠቁራል፣ ሥጋው ግራጫ ይሆናል፣ ከወጣ በኋላም በደንብ አይበስልም። ጥሬው ወደ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በአነስተኛ ቅዝቃዜ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይግባ።

ይህን በአንድ ምሳሌ ልግለጸው። አንዲት ጁስ ቤት ያላት እህት በቀን 5 ኪሎ አቮካዶ ትፈልጋለች እንበል። ቅዳሜ 30 ኪሎ ጥሬ ገዛች፤ የተቆረጠው ሐሙስ ነው። ሁሉንም በአንድ ጆንያ ብትተወው በሚቀጥለው ሐሙስ ገደማ ሁሉም ባንዴ ይበስላል። እስከዚያ የምትሸጠው የላትም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የምትጥለው ይበዛል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ትከፍለዋለች።

የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ከጥቂት የበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ትሸፍነዋለች። ማክሰኞ ገደማ ይበስልላታል፤ የማክሰኞና የረቡዕ ሥራዋ ነው። ሁለተኛውን 10 ኪሎ ምንም ሳትጨምርበት በመደርደሪያ ላይ ትዘረጋለች፤ እሱ ለሐሙስና ለዓርብ ይደርሳል። ሦስተኛውን 10 ኪሎ ቅዳሜ ማታ ቅዝቃዜው በተቀነሰ ፍሪጅ አስገብታ ሰኞ ማታ ታወጣዋለች። ሁለቱ ቀን ስለተያዘለት የሚበስለው ለቅዳሜና ለእሑድ ነው። ጠዋት ጠዋት ከየክምሩ አንድ ፍሬ አንስታ ጭራውን ትገፋለች። ቀድሞ የበሰለ ካለ ወደ ፍሪጅ ይገባል፤ የዘገየ ካለ ወደ ሙዙ ካርቶን ይዛወራል። አየሩ ከሞቀ ቀኑ ወደፊት ይመጣል፣ ከቀዘቀዘ ይዘገያል፤ ጭራው ይነግራታል። ፍሪጅ የሌላት ሦስተኛውን ክፍል በቤቷ ቀዝቃዛው ጥግ ብታስቀምጠው፣ ወይም ቅዳሜ 20 ኪሎ፣ ሰኞ 10 ኪሎ ብትገዛ ወደዚያው ትደርሳለች።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልጨርስ። የበሰለ አቮካዶን ውኃ ውስጥ ነክሮ ፍሪጅ ማስቀመጥ ብዙ ቀን ያቆየዋል የሚል ምክር በስልክ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ልጣጩ ላይ ያለ ተህዋስ በውኃው ውስጥ ሊራባና ወደ ሥጋው ሊገባ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ሰዎች ይህን እንዳያደርጉ አስጠንቅቋል። በተለይ ለሰው ጁስ የምታቀርቡ ከዚህ ራቁ።

ሌላው፣ በጓሯችሁ የአቮካዶ ዛፍ ያላችሁ ከሁሉ የተሻለው መጋዘን እጃችሁ ላይ ነው። የደረሰ ፍሬ ዛፉ ላይ እያለ ስለማይበስል ለተወሰኑ ሳምንታት ሊቆይላችሁ ይችላል። ነጋዴ መጣ ብላችሁ ሁሉን በአንድ ቀን አታራግፉት፤ በየሳምንቱ ከፋፍላችሁ ቁረጡ። በዱላ መትቶ ማውረድ ያው በጣት ከመጫን የባሰ ነው። ጭራውን በትንሹ አስቀርታችሁ በመቀስ ወይም በቢላ ቁረጡት።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በደብተራችሁ «የተገዛ» እና «የተሸጠ» ከሚለው ጎን «የተጣለ» የሚል ሦስተኛ አምድ አስምሩ። ከቀኑ ጋር ስንት ኪሎ እንደጣላችሁና ተጨቁኖ ይሁን አልፎበት ጻፉ። ተጨቁኖ የሚለው ከበዛ መደባችሁን በሦስት ክምር ለዩ፤ አልፎበት የሚለው ከበዛ ግዢያችሁን ከፋፍሉ። ደብተሩን ስታመጡልኝ አብረን እናየዋለን።