ኮምጣጤውና ድመቷ

እሷ፦ አንዲት አድማጫችን ድመቷ የሸናችበትን ፍራሽ በኮምጣጤ አጠበች፤ ሽታው ጠፋ። ዝናብ ሲጀምር ተመልሶ መጣ።

እሱ፦ ኮምጣጤ የሚያበርደው አፍንጫ የሚሰነፍጠውን አሞኒያ ነው። የሽንቱ ዩሪክ አሲድ ግን እምብዛም አይሟሟለትም፤ ስፖንጁ ውስጥ ደርቆ ይቆይና እርጥበት ሲያገኝ ይሸታል።

እሷ፦ ኢንዛይም ያለው ማጽጃስ?

እሱ፦ ለእንስሳት ሽንት የተሠራው ዩሪክ አሲዱን ራሱን ይሰባብራል። ሰው ግን ላዩን ረጨት አድርጎ ወዲያው ይጠርገዋል! ሽንቱ እስከገባበት መዝለቅ አለበት፤ ከእድፉ ሰፋ አድርጎ ማራስ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ መሸፈን፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት መጠበቅ።

እሷ፦ ኮምጣጤው ቀድሞ ከፈሰሰስ?

እሱ፦ የኮምጣጤው አሲድ ኢንዛይሙን ሊያዳክመው ስለሚችል መጀመሪያ በውሃ አለቅልቃ በፎጣ ታድርቀው። በረኪና ግን በፍጹም፤ ከሽንት ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

እሷ፦ እርጥብ ሳለ ቢሸታትስ?

እሱ፦ አትደንግጥ፤ ውጤቱ የሚለየው ፍራሹ እስከ ውስጡ ሲደርቅ ነው።