ቀላል እንግሊዝኛ ስለጻፍኩ ማሽን ነኝ?

የዛሬው ወሬያችን የተጀመረው እዚሁ ኤይን ሀትኽሌት፣ አክስቴ ቤት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሚክላላ ትማራለች። ለእንግሊዝኛ ኮርሷ ድርሰት ስትጽፍ ሦስት ማታ ፈጀባት፤ እኔም አጠገቧ ቡና እየጠጣሁ ነበር። አስተማሪዋ ድርሰቱን ኤአይ የጻፈውን ይለያል በሚባል ፕሮግራም አስመረመረው። ውጤቱ «84 በመቶ ኤአይ» አለ። «እንዴ! እኔው ራሴ ጽፌው?» ብላ አለቀሰች። ቤት አማርኛ፣ ውጭ ዕብራይስጥ ነው የምታወራው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

እስቲ እነዚህ ፕሮግራሞች ምን እንደሚያዩ እንመልከት። እኔ «ድር ቢያብር» ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ? «አንበሳ ያስር»! ቀጣዩን ቃል ሳልጨርስ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቃል ከፊቱ ካሉት ቃላት ተነስቶ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመት ይለካሉ። ልኬቱ ፐርፕሌክሲቲ ይባላል፤ «የመገረም ልክ» ልንለው እንችላለን። እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ኤአይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ሊመጣ የሚችለውን ቃል ስለሆነ ጽሑፉ ብዙም አያስገርምም። ስለዚህ ፕሮግራሙ «የማያስገርም ከሆነ ማሽን ነው» ብሎ ይደመድማል።

አሁን ለባግሩት እንዴት እንደተማርን አስታውሱ። «ፈርስትሊ»፣ «ኢን አዲሽን»፣ መጨረሻ ላይ «ኢን ኮንክሉዥን»። የምናውቀው የቃል ብዛት ውስን ስለሆነ እርግጠኛ የሆንበትን ቃል እንመርጣለን፤ እንዳንሳሳት ዓረፍተ ነገሩን አጭርና ቀጥ ያለ እናደርገዋለን። «ሶሻል ሚዲያ ሃዝ ሜኒ» ብለን ከጀመርን ቀጥሎ «አድቫንቴጅስ» ነው የሚመጣው። ይህ ጥንቃቄ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ለፕሮግራሙ ግን ሁለቱ አንድ ይመስሉታል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ፕሮግራሞችን ፈተኑ። በአንድ በኩል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸው 91 ድርሰቶች፣ በሌላ በኩል የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ድርሰቶች ነበሩ። የአሜሪካኖቹን ልጆች ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው በትክክል «ሰው» አሏቸው። ከቶፍሎቹ ግን በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን «ማሽን» አሉ። ከ91 ውስጥ 89ኙ ቢያንስ በአንዱ ፕሮግራም ተከሰዋል።

ከዚያ የሚገርም ነገር አደረጉ። ቻትጂፒቲን «የእነዚህን ድርሰቶች ቃላት አበልጽግ፣ አፍ መፍቻው እንደሆነ ሰው አስመስል» አሉት። ስህተቱ ከ61 በመቶ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወረደ! ልብ በሉ፤ ራሱ የጻፈው ተከሰሰ፣ ማሽን ያስዋበው አለፈ። ፕሮግራሙ የሚለካው ማን እንደጻፈው ሳይሆን ቋንቋው ምን ያህል እንደሚያስገርም ነው።

ለእውነቱ ጥናቱም ወሰን አለው። ድርሰቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ከአንድ ዓይነት ፈተና ነው የመጡት፣ ፕሮግራሞቹም ከዚያ ወዲህ ተቀይረዋል። ስለዚህ «61 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ይዛችሁ ዛሬ ባለ ሁሉ ፕሮግራም ላይ አትለጥፉት። ግን ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ምን አደረገች? ያለቀሰችው አንድ ማታ ብቻ ነው። ድርሰቱን በጉግል ዶክስ ስለጻፈችው File ከዚያም Version history የሚለውን ከፈተች። ሦስቱ ማታዎች በሰዓታቸው ቁጭ ብለዋል፤ የሰረዘችው፣ የመለሰችው፣ «ቤኮዝ» የሚለውን አሳስታ የጻፈችበት ሁሉ። አንድ ጊዜ ተገልብጦ የተለጠፈ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። አስተማሪዋ ጋር ይዛ ሄደች፤ እሱም ስለ ድርሰቱ ጥያቄ ጠየቃትና መለሰች። ክሱን አነሳላት።

አንድ ነገር ግን ቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ ስትጽፍ መዝገበ ቃላት ከፍታ ከባድ ከባድ ቃል ትፈልጋለች። «ምነው፣ ያ ቀላሉ ቃል ምን አጠፋ?» ስላት፣ «ማሽን ነሽ እንዳይሉኝ» አለችኝ። በገዛ ቃሏ ጽፋ ስለተከሰሰች አሁን የሌላ ሰው ቃል ትዋሳለች።

እናንተም ተመሳሳይ ነገር ከደረሰባችሁ፣ ረቂቃችሁን አትሰርዙ፣ «በመቶ ስንት» የሚለው ቁጥርም ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ በጨዋነት ተናገሩ። በሉ ደህና ሁኑ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።